መኪና ልሸጥ ነው፤ የክፍያውን፣ የመገናኛውንና የምርመራውን ቃል እንዴት ልጻፈው?

ሂሩት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦
እንደምን ሰነበታችሁ። የ2014 ቶዮታ ኮሮላዬን በ8,700 ዶላር ልሸጥ ማስታወቂያ ካወጣሁ ዛሬ 12 ቀን ሆነኝ። 118,000 ማይል ሄዷል፤ ሊብሬው በስሜ ነው፤ የባንክ ዕዳ የለበትም። ከ60 በላይ መልእክት ደርሶኛል፤ መጥቶ ያየው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። አንዱ «እውነተኛ ሰው መሆንሽን ላረጋግጥ» ብሎ ስልኬ ላይ የሚገባውን ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር እንድነግረው ጠየቀኝ። ሌላው መርከብ ላይ እንደሚሠራ ነግሮኝ፣ ቼክ በፖስታ ልኮ መኪናውን በአጓጓዥ ሊያስወስድ ፈለገ።

ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን የባለፈው እሑድ ነው። ሁለት ወጣቶች ቤቴ ድረስ መጥተው ኮፈኑን አስከፈቱኝ። አንደኛው ስለ ጎማው እየጠየቀ ወደ ኋላ ወሰደኝ። ስንመለስ የራዲያተሩ ውሃ ማጠራቀሚያ ላይ ጥቁር ዘይት ተንሳፍፏል። «ሞተሩ ዘይትና ውሃ ቀላቅሏል፤ ለማንም አትሸጪውም፤ እኛ ግን 4,000 እንሰጥሻለን» አሉኝ። ባለቤቴ ሥራ ላይ ነበር። እጄ እየተንቀጠቀጠ ልስማማ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ በንዴት ማስታወቂያው ላይ «አጭበርባሪዎችና ጊዜ የምታባክኑ ሰዎች እንዳትደውሉ!» ብዬ ጨመርኩ። ቁምነገረኛው ሰው መደወል አቆመ፤ እነዚያ ግን አላቆሙም። ሦስቱን ነገር፣ ማለትም ክፍያን፣ መገናኛንና ምርመራን፣ በምን ቃል ልጻፋቸው? ለወንድሜ እስከ ወሩ መጨረሻ የምልከው ገንዘብ አለ፤ አዲስ አበባ የቤት ኪራይ ለስድስት ወር ቅድሚያ ተጠይቋል።

ዮናስ (አሌክሳንድሪያ)፦
እኅት ሂሩት፣ ቀላል ነው። «የባንክ ቼክ ብቻ እቀበላለሁ» ብለሽ በትልልቁ ጻፊ። ልክ እንደ አገራችን ሲፒኦ ነው፤ ባንኩ ራሱ ዋስ ስለሆነ አይመለስም። ጊዜ አባካኙን ለማራቅ ደግሞ «ለማየት የሚመጣ ሰው አስቀድሞ 200 ዶላር ቀብድ በስልክ ይላክ» በይ። ቁምነገር የሌለው ሰው ያኔ ይጠፋል።

መኰንን (ዉድብሪጅ)፦
ልጄ ሂሩት፣ እዚህ አገር ያገለገሉ መኪኖችን ስገዛና ስሸጥ 19 ዓመቴ ነው። ዮናስ ያለው ግማሹ ልክ ነው፤ ግማሹ ግን ሊጎዳሽ ይችላል።

እውነተኛ የባንክ ቼክ አስተማማኝ ነው። ችግሩ እውነተኛ መሆኑን በዓይንሽ አይተሽ አታውቂም። ወረቀቱ፣ ማኅተሙ፣ የባንኩ ስም ሁሉ በሚገባ ተመሳስሎ ይታተማል። ባንክሽ ስታስገቢው ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን በማግስቱ ይለቅልሻል፤ አንቺም «ገባ» ትያለሽ። ሐሰተኛነቱ የሚታወቀው ግን ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ገንዘቡን የምትመልሺው አንቺ ነሽ፤ መኪናው ግን ሄዷል። ስለዚህ ቃሉ «የባንክ ቼክ» ብቻ ከሆነ ለአጭበርባሪው በር ከፈትሽለት ማለት ነው። እንዲህ ብለሽ ጻፊው፦ «ክፍያ በጥሬ ገንዘብ፣ ወይም በገዢው ባንክ ቅርንጫፍ እኔ ባለሁበት በሚጻፍ የባንክ ቼክ። ሊብሬውን የምፈርመው እዚያው ነው።» በዚህ አነጋገር ማንንም አልሰደብሽም። መርከብ ላይ ነኝ የሚለው ግን አብሮሽ ባንክ ሊገባ ስለማይችል ራሱ ይቀራል።

ቀብዱን በተመለከተ፣ መኪናውን ሳያይ ገንዘብ እንዲልክ የምትጠይቂው ሐቀኛ ገዢ አንቺኑ አጭበርባሪ ናት ብሎ ይሸሻል፤ እውነቱንም ነው። ከማየት በፊት ቀብድ መጠየቅ የአጭበርባሪ ሻጮች ዋና ዘዴ ነውና። ቀብድ የሚሠራው ሰውየው አይቶ፣ ወድዶ፣ «ሰኞ ባንክ እስኪከፈት ያዥልኝ» ሲል ነው። ያን ጊዜ 100 ዶላር በእጁ ይስጥ፤ እስከ ስንት ሰዓት እንደምትጠብቂውና ካልመጣ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ በወረቀት ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ።

የዘይቱ ነገር የታወቀ ማታለያ ነው፤ በዚህ አገር ብዙ ሰው ደርሶበታል። አንዱ ያዋራል፣ ሌላው ከኪሱ ትንሽ ጠርሙስ አውጥቶ ያፈስሳል። ሞተሩ በእርግጥ ዘይትና ውሃ ቢቀላቅል ኖሮ ማጠራቀሚያው ውስጥ የምታዪው አብዛኛውን ጊዜ የተመታ፣ ወተት የገባበት ቡና የመሰለ ወፍራም ነገር ነው። ንጹሕ ውሃ ላይ ለብቻው የተንሳፈፈ ጥቁር ዘይት ግን አሁን የፈሰሰ ነው። ይህም ቢሆን በዓይን ብቻ አይፈረድም። ሞተሩን ሳታስነሺ ለመካኒክ አሳጥቢው፤ የራዲያተሩ ግፊት ይለካ፤ ውጤቱንም በጽሑፍ ተቀበዪ። ከእንግዲህ ሰው ከመምጣቱ በፊት የማጠራቀሚያውንና የዘይት መለኪያውን ፎቶ አንሺ። ማስታወቂያው ላይ ደግሞ ይህን ጨምሪ፦ «ምርመራ በገዢው ወጪ፣ በመረጠው ጋራዥ፣ እኔ ባለሁበት ይፈቀዳል።» መኪናውን በመካኒክ ማስመርመር የሚፈቅድ ሻጭ የሚደብቀው እንደሌለ ስለሚታሰብ፣ ይህ አንዱ ዓረፍተ ነገር ጥሩውን ገዢ ይስብልሻል።

አልማዝ (ኮሎምቢያ ፓይክ)፦
እኔም በዚሁ ነው የተቃጠልኩት። ምድር ቤቴን ላከራይ በወር 1,000 ዶላር ብዬ ማስታወቂያ አውጥቼ ነበር። ሴትዮዋ የ2,400 ቼክ ላከችና «ተሳስቼ ነው፤ ትርፉን ዕቃዬን ለሚያጓጉዘው ሰው ላኪለት» አለችኝ። ላክሁ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ባንኩ ቼኩ ሐሰት ነው ብሎ ሙሉውን ከሒሳቤ ላይ ቀነሰ። ሂሩት፣ ተከራዩን የሥራ ደብዳቤ ሳታዪ ቁልፍ እንዳትሰጪ።

ሂሩት፦
እትዬ አልማዝ፣ የኔ መኪና ነው፤ ግን ከዋጋው በላይ የሚልክ ሰው ለካ ቤትም ላይ አለ። ጋሽ መኰንን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የስድስቱ አኃዝ ጉዳይስ?

መኰንን፦
ያ ቁጥር በአንቺ ስልክ ስም ጉግል ቮይስ የሚባለውን የኢንተርኔት ስልክ ቁጥር ሊከፍትበት ነው። ከዚያ በዚያ ቁጥር ሌላውን ያጭበረብራል፤ ሲፈለግ የሚገኘው ያንቺ ስልክ ነው። ይህን ለመከላከል ማስታወቂያ ላይ ምንም አትጻፊ፤ ለማንም አለመስጠት ብቻ ነው። «ከዚህ ድረ ገጽ ላይ የመኪናውን ታሪክ ገዝተሽ ላኪልኝ» የሚልሽም የካርድሽን ቁጥር ፈልጎ ነው። የሻንሲ ቁጥሩን ስጪው፤ ከፈለገ ራሱ ይግዛ።

ሰብለ (ባልቲሞር)፦
የሻንሲ ቁጥር ለማንም መስጠት እኔ አልስማማበትም። በዚያ ቁጥር ሐሰተኛ ሊብሬ ይሠራል ሲባል ሰምቻለሁ።

መኰንን፦
ቁጥሩ እኮ በፊት መስታወቱ በኩል መንገድ ላይ ቆሞ ይነበባል። ሊብሬውን ግን ፎቶ አንስተሽ ለማንም አትላኪ፤ እዚያ ላይ ከሰብለ ጋር እስማማለሁ።

ሰብለ፦
መገናኛውን ረሳችሁት። እኔ ባለፈው ዓመት በአማርኛ «ቅዳሜ 3 ሰዓት» ብዬ ጽፌ አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ መጣ። ሁለቱም ተናደዱብኝ፤ ሁለቱም ልክ ነበሩ። እዚህ አገር በአማርኛም ቢሆን «ቅዳሜ ጠዋት ከ9 እስከ 12፣ በአሜሪካ ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ። ቤት አይሁን። ብዙ የፖሊስ ጣቢያዎች ለእንዲህ ዓይነቱ ልውውጥ ካሜራ ያለበት የመኪና ማቆሚያ ለይተዋል። «ከሁለት ሰው በላይ አይመጣም፤ የሚነዳው መንጃ ፈቃዱን ያሳያል» ብለሽም ጻፊ። «መኪናው አለ?» ብቻ ለሚል ሰው እኔ የምመልሰው «አለ፤ ቅዳሜ ስንት ሰዓት ይመጣሉ?» ብዬ ነው። ሰዓት የማይነግረኝን ሁለተኛ አልመልስለትም።

ዳዊት (ዳላስ)፦
ይህን ሁሉ ሳነብ አገር ቤት ናፈቀኝ። አባቴ ፔጆውን ሲሸጥ ከገዢው ጋር ቡና ጠጥተው፣ ደላላው መሐል ቁጭ ብሎ፣ በሁለት ምስክር ተፈራርመው ነው ያለቀው። ለመሆኑ ሂሩት፣ ለምን ወደ አዲስ አበባ አትልኪውም? እዚያ የኮሮላ ዋጋ ሰማይ ነክቷል። ወንድምሽም ሸጦ ኪራዩን ይከፍል ነበር።

ዮናስ፦
ዳዊት፣ መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ልካው ጅቡቲ ቆሞ ይቀራል።

ሂሩት፦
ትናንት ማታ ሌላ ነገር መጣ። የደብራችን ልጅ ነው፤ አክስቴ ታውቀዋለች። 4,000 አሁን ሰጥቶ፣ ቀሪውን በሦስት ወር ውስጥ ዕቁቡ ሲደርሰው ሊከፍለኝ ይፈልጋል። መኪናውን ግን ዛሬ ለሥራ ይፈልገዋል። አክስቴ «ለወገንሽ የባንክ ቤት ቃል ትጽፊበታለሽ?» ብላ ተቆጥታለች። ማስታወቂያው ላይ «በዱቤ አልሸጥም» ብዬ ልጻፍ?

ዮናስ፦
ስጪው። እኔ የመጀመሪያ መኪናዬን የገዛሁት እንዲሁ በዕቁብ ነው፤ አንድ ዶላር አላጎደልኩም። ለፈረንጅ የተጻፈውን ሁሉ ለሐበሻ ማንበብ ነውር ነው። አዲስ የመጣ ልጅ ባንክ አያበድረውም፤ እኛ ካልያዝነው ማን ይይዘዋል?

ሰብለ፦
ዮናስ፣ አንተ ከፈልክ። የኔ ባለቤት ለአብሮ አደጉ በቃል ሸጦ ታርጋውን ሳይፈታ አስረከበው። ስምንት ወር ሙሉ የመንገድ ክፍያና የካሜራ ቅጣት በእኛ አድራሻ መጣ። ገንዘቡን ስንጠይቀው «በወንድማማች መካከል ዕዳ ይቆጠራል?» አለ። እስከ ዛሬ በልቅሶ ቤት እንኳን አይነጋገሩም። ወዳጅነቱን ያፈረሰው ወረቀት አለመኖሩ ነው።

ዮናስ፦
የአንድ ሰው ክፋት ለሁሉ አይቆጠርም።

ሰብለ፦
የአንተ ደግነትም ለሁሉ አይቆጠርም።

መኰንን፦
ልጆች፣ ተረጋጉ። መንገድ አለው። ሊብሬውን በስሙ ስታዞሪ እስኪከፍል ድረስ መያዣ እንዳለሽ የሜሪላንድ የመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤት በሆነው ኤም ቪ ኤ ዘንድ ማስመዝገብ ትችያለሽ፤ ባንክ መኪና ሲያበድር የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ያኔ ሳይከፍልሽ ሊሸጠው አይችልም። ታርጋሽን በዚያው ቀን ፍቺና መልሺ፤ ሳትመልሺ ኢንሹራንስሽን ብታቋርጪ ቅጣቱ ባንቺ ላይ ነው። የሜሪላንድ ገዢ ታርጋ ለማውጣት የደኅንነት ምርመራ ወረቀት ስለሚያስፈልገው፣ ወጪው የማን እንደሆነ አሁኑኑ ጻፊ፤ የመጨረሻው ሰዓት ጭቅጭቅ የሚነሣው ከዚያ ነው።

ግን ልጄ፣ መያዣው ገንዘቡን በቀኑ አያመጣልሽም። የወንድምሽ ኪራይ ሦስት ወር ይጠብቃል ወይ?

አልማዝ፦
እኔ የዮናስ ሐሳብ ደስ ብሎኛል፤ ግን ልጁ ቢሞትስ? ዕቁቡንስ ማን ይዞታል? ዳኛው ይፈርምልሽ።

ዮናስ፦
እትዬ አልማዝ፣ ምን ያለ ሟርት ነው!

ሂሩት፦
ንዴቴን አጥፍቼ እንዲህ ጽፌዋለሁ፤ የእንግሊዝኛውን ራሴ እመልሰዋለሁ፦

«ክፍያ በጥሬ ገንዘብ ወይም በባንክዎ ውስጥ አብረን በምናስጽፈው የባንክ ቼክ። መኪናው የሚታየው ቅዳሜ ጠዋት ከ9 እስከ 12፣ በአሜሪካ ሰዓት፣ በፖሊስ ጣቢያው መኪና ማቆሚያ ነው። በመረጡት ጋራዥ፣ በእርስዎ ወጪ፣ እኔ ባለሁበት ማስመርመር ይችላሉ። የሜሪላንድ የደኅንነት ምርመራ ወጪ የገዢው ነው። ሲጽፉልኝ የሚመጡበትን ሰዓት ይንገሩኝ።»

ዛሬ ጠዋት ለጥፌው ሁለት ሰው ሰዓቱን ጽፎ መልሶልኛል፤ አንዷ መካኒክ ይዤ እመጣለሁ ብላለች። ስለ ዱቤው ምንም አልጻፍኩበትም። ለአክስቴ እስካሁን አልደወልኩላትም።