«ይገልጻል» እና «ይመዝናል»ን ለተማሪዬ እንዴት ላስረዳት?

መምህራን፣ እባካችሁ እርዱኝ። ድርሰቷ ከ100 62 ላመጣች ተማሪዬ ግብረ መልስ እየጻፍኩ ነው። መዋቅሩና ቋንቋው ቶሎ አለቁልኝ። ትንተናው ላይ ግን ተጣብቄያለሁ።

ሦስተኛው አንቀጿ ላይ ሁለት ጸሐፊዎችን ጠቅሳለች። አንዱ የቤት ኪራይ ጣሪያ ተከራዩን ይጠቅማል ይላል፤ ሌላው የሚከራይ ቤት ይቀንሳል ባይ ነው። እሷ ሁለቱንም በትክክል አስቀምጣ ዝም ብላ አለፈች። የመስፈርታችን መካከለኛ እርከን «ምንጮችን ይገልጻል»፣ ከፍተኛው ደግሞ «ይመዝናል» ይላል። ልዩነቱ እዚሁ ነው።

«ትንተናሽ ጥልቀት ይጎድለዋል» ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት። ምን እንደምታስተካክል አይነግራትም። መልሱን ብጽፍላት ደግሞ ሥራው የእኔ ይሆናል። «ሁለቱ የተለያዩት አንዱ የአጭር፣ ሌላው የረጅም ጊዜ ውጤት ስላየ ይሆን?» ብዬ ብጠይቃትስ? ወይስ ይሄም መልሱን መስጠት ነው? እናንተ እንዴት ትጽፉታላችሁ?