አያቴ ትናንት ____፦ ከአንድ በላይ የሚሆን መልስ ካለ ኤክስ ይደረጋል ወይ?

የሁለት ልጆች እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ የልጄን የአማርኛ ወርክሺት ፎቶ አንስቼ ለጥፌያለሁ ግን ስለደበዘዘ ኤክስ የተደረጉባትን እጽፋቸዋለሁ። ተራ ቁጥር 1 "ሦስት ____ ገዛሁ። (መጽሐፍ)" ይላል፣ እሷ መጽሐፍ ብላ ሞላች፣ አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ መጽሐፎች አለች፣ ሁለቱም ኤክስ፣ መልሱ መጻሕፍት ነው ተብሏል። ተራ ቁጥር 4 "አያቴ ትናንት ____። (መጣ)"፣ መጡ አለች፣ ኤክስ፣ መልሱ መጣች። ከዛ ተቃራኒ አዛምዱ የሚለው ላይ ወፍራምን ከስስ ጋር አዛመደች፣ እሱም ኤክስ፣ ቀጭን ነው ተባለ። ለኔ ሁሉም ልክ ነው የሚመስለኝ። አንድ መልስ ብቻ ነው መቀበል ያለበት ወይስ በቋንቋው ልክ የሆነ ሁሉ ማርክ ማግኘት አለበት?

ሰዋስው ወዳድ፦ እህቴ አንደኛው ላይ መምህሩ ልክ ነው። ሦስት ካልሽ በኋላ ብዙ ቁጥር ግዴታ ነው፣ ሦስት መጽሐፍ የሰፈር ወሬ እንጂ አማርኛ አይደለም።

የድሮ አራሚ፦ ወንድሜ እዚህ ላይ አልስማማም። ቁጥር ከፊት ካለ ብዛቱ ተነግሯል፣ ስለዚህ አማርኛ ስሙን በነጠላ መተው ይፈቅዳል፣ ሁለት ልጅ አለኝ፣ አምስት ሰው መጣ እንላለን፣ እንጽፋለንም። ሁለት ልጆች አሉኝም ልክ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ግሱ ላይ ነው፣ ሰዎች ካልክ መጡ ትላለህ፣ ሰው ካልክ ደግሞ መጣ ይሄዳል። እዚህ ጥያቄው ላይ ገዛሁ የሚለው ከገዢው ጋር እንጂ ከመጽሐፉ ጋር ስለማይስማማ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ብዙ ቁጥርን የሚያስገድድ አንድም ነገር የለም። መጽሐፎችን ኤክስ ማድረግ ደግሞ ጭራሽ አይገባኝም፣ መጻሕፍት ከግእዝ የመጣው አበዛዝ ነው፣ መጽሐፎች በ-ኦች የተበጀው፣ ሁለቱም በደንብ የሚሠራባቸው ናቸው። የሚያጣላው መጻሕፍቶች የሚለው ነው፣ የበዛውን መልሶ ማብዛት ስለሆነ፣ እሱን ኤክስ ቢያደርግ ኖሮ ዝም እል ነበር።

ዝም ብዬ አንባቢ፦ የ3ኛው መልስ "በፍጥነት" ነው፣ በደንብ ስለማይታይ ፎቶውን አጉልታችሁ እዩት

የሁለት ልጆች እናት፦ 3ን አልጠየቅኩም ወንድሜ እሱን አግኝታዋለች 😅

ቲቸር ነኝ፦ እኔ በዚህ በኩል ያለሁ ሰው ልናገር። ስልሳ ምናምን ወረቀት ነው የማርመው፣ ሌላ ክፍል የሚያስተምር ጓደኛዬም ያንኑ ወርክሺት በዛው መልስ ያርማል፣ እኔ መጽሐፍን ተቀብዬ እሱ ባይቀበል ነገ ወላጅ ሁለት ወረቀት ይዞ ይመጣል። ሌላው ዋናው ነገር፣ ጥያቄው የተሰጠው ብዙ ቁጥር በተማሩበት ሳምንት ነው። በቅንፍ ያለውን እንዳለ ገልብጦ የጻፈ ልጅ አውቆ ነው ወይስ ምንም ሳያውቅ ነው የጻፈው? ከወረቀቱ ላይ ማወቅ አልችልም። ለሱ ማርክ ከሰጠሁ ምንም ያልገባው ልጅ ሁሉንም እየገለበጠ ግማሹን ያገኛል።

የድሮ አራሚ፦ ቲቸር ይሄ ያነሱት የመገልበጥ ነገር እውነት ነው፣ ከባዱ ነጥብም እሱ ነው። ግን ችግሩ የልጁ ሳይሆን የጥያቄው ነው። ብዙ ቁጥር ማወቋን ለመለካት ከፈለጉ ሳይለወጥ የማይገባበትን ቦታ መስጠት ነው፣ ለምሳሌ "____ መጡ። (ልጅ)" ቢሉ ልጅ መጡ ስለማይባል ገልባጩ እዛው ይያዛል። "ሦስት" የምትለዋ ቃል ግን ብዛቱን ራሷ ስለምትናገር ፈተናውን ታፈርሰዋለች። ደግሞ ፎቶው ላይ ትእዛዙ የለም፣ ከላይ ተቆርጧል። ትእዛዙን ሳናይ ብንከራከር ውሃ መውቀጥ ነው። እናት፣ እባክሽ ከላይ ያለውን ክፍል አንሺልን።

ሰዋስው ወዳድ፦ እሺ አንደኛውን ልተወው፣ አራተኛው ላይ ግን እርግጠኛ ነኝ፣ ትናንት ካለ መጥቷል ምናምን አይገባም፣ ጊዜው ያለቀ ስለሆነ መጣ ብቻ ነው የሚሆነው።

የድሮ አራሚ፦ እሷ እኮ መጥቷል አላለችም 😄 ግን ካነሳኸው፣ ይሄ ደንብ ከእንግሊዝኛ ክፍል ተሸክመን ያመጣነው ነው። አማርኛ ላይ ትናንት ማታ ደውሏል፣ አምና ተመርቃለች ብትል ማንም ቅንድቡን አያነሳም። መጣ ሲል ድርጊቱን ይተርካል፣ መጥቷል ሲል ወሬውን ወይም አሁን ድረስ የቀረውን ነገር ያነሳል፣ ስለዚህ ትናንት ከሁለቱም ጋር ይሄዳል። አራተኛው ላይ ያለው ጉድ ሌላ ነው። አያት የሚለው ቃል ወንድና ሴት አይለይም፣ ከዛ ላይ አክብሮት አለ። ስለዚህ መጣ፣ መጣች፣ መጡ ሦስቱም ልክ ናቸው፣ መጥቷል፣ መጥታለች፣ መጥተዋል ሲጨመሩ ስድስት። ከስድስት አንዱን ብቻ ልክ የሚያደርግ ነገር ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም፣ እንዲያውም በቅንፍ ያለው መጣ ሳይነካ ይገባል።

አማርኛ ተማሪ፦ እኔ አማርኛን ካደግኩ በኋላ ነው የተማርኩት ቤታችን ሌላ ቋንቋ ነው የሚነገረው፣ እና እንደዚህ ዓይነት ባዶ ቦታ ሙሉ በጣም ይገድለኝ ነበር ምክንያቱም እናንተ የምትከራከሩበትን አማራጭ እኔ አላውቀውም ነበር፣ አንድ መልስ ተነግሮኝ እሱን ይዤ መሄድ ነበር የምፈልገው፣ አንዴ አስተማሪዬ ይሄም ያም ይሆናል ስትለኝ የበለጠ ግራ ገባኝ። መኪናው ቆመም መኪናዋ ቆመችም ይባላል ስትለኝ ለአንድ ወር መኪናዋ ቆመ እያልኩ ነበር። ስለዚህ ቲቸር የሚሉት ይገባኛል።

ቲቸር ነኝ፦ አመሰግናለሁ፣ እኔም የምለው ይሄንኑ ነው።

የድሮ አራሚ፦ ያንተ ታሪክ ግን ሁለት ነገር ነው የያዘው ወንድሜ። ስታስተምር አንዱን መርጠህ ማስያዝ ጥሩ ነው፣ ስታርም ግን ሌላውን ያወቀውን ልጅ ስህተት ነህ ማለት ሌላ ጉዳይ ነው። መኪናዋ ቆመ ያልከው ደግሞ በእውነት ስህተት ነበር፣ "የእሷ መኪና" ለማለት ካልሆነ በቀር መኪናዋ ካልክ በኋላ ምርጫ የለህም። ጥሩ ጥያቄ የሚባለውም እንደዛ ዓይነቱ ነው፣ "ያቺ መኪና መንገድ ላይ ____። (ቆመ)"፣ ፊቱ ያለችው ያቺ ጾታውን ታስራለች።

የሁለት ልጆች እናት፦ ሙሉውን ለጥፌዋለሁ። ከላይ አጭር ምንባብ አለ፣ አንድ ልጅ ስለ አያቱ የሚያወራበት፣ "አያቴ ማታ ማታ ተረት ትነግረኛለች" ይላል። ትእዛዙ "በምንባቡ መሠረት፣ በቅንፍ ያለውን ቃል አስፈላጊውን ለውጥ በማድረግ ባዶ ቦታውን ሙሉ" ነው። ይቅርታ ይሄን ቆርጬው ነበር ለካ።

ቲቸር ነኝ፦ ይኸው! ምንባቡ ትነግረኛለች ካለ አያቱ ሴት ናት፣ ልጁም አንቺ እያለ ነው የሚያወራት፣ መልሱ መጣች ነው፣ አለቀ።

የድሮ አራሚ፦ አራተኛው ላይ እጄን ሰጥቻለሁ፣ ቢያንስ ሦስት አራተኛውን። ምንባቡ ጾታውንም አጠራሩንም ስለወሰነ መጣ ውጪ ሆኗል፣ መጡም ከምንባቡ ልጅ አነጋገር ጋር አይገጥምም። መጥታለች ያለ ልጅ ግን ካለ አሁንም ልክ ነው እላለሁ። አንደኛው ደግሞ ባሰበት። "አስፈላጊውን ለውጥ በማድረግ" ሲል አንዷ ልጅ ለውጥ አስፈላጊ ነው ብላ ታነበዋለች፣ ሌላዋ ካስፈለገ ለውጪ ብላ ታነበዋለች። መጽሐፍ ያለችው ሁለተኛዋ ናት። "ወደ ብዙ ቁጥር ለውጣችሁ" የሚል አራት ቃል ቢጨመር መጽሐፍ በሕጋዊ መንገድ ይወድቅ ነበር፣ መጽሐፎች ግን ያኔም ያልፋል።

ሰዋስው ወዳድ፦ ማዛመዱስ? ወፍራም ቀጭን ነው፣ ይሄ እንኳን አያከራክርም መቼም።

የድሮ አራሚ፦ ለኔ ከሁሉም የባሰው እሱ ነው። ሙሉ ፎቶው ላይ በ"ሀ" ስር ደግ፣ ለጋስ፣ ወፍራም፣ ከባድ አሉ። በ"ለ" ስር ቀላል፣ ንፉግ፣ ቀጭን፣ ክፉ፣ ስስ። አሁን ደግን ተመልከተው፣ ደግ ሰው ስንል ቸር ማለታችንም ስለሆነ ከክፉም ከንፉግም ጋር ይሄዳል። ግን ንፉግን ለደግ ከሰጠኸው ለጋስ የሚቀረው ክፉ ነው፣ እሱ ደግሞ አይገጥምም፣ ስለዚህ ትመለስና ደግን ለክፉ፣ ለጋስን ለንፉግ ታደርጋለህ። ይሄኛው ብቻውን ሲታይ ሁለት መልስ ያለው ይመስላል፣ አንድ ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ከተባለ ግን ሌላው ረድፍ ያጠራዋል፣ ጥሩ ማዛመድ ነው። ወፍራም ላይ ግን የሚያጠራ የለም። ለወፍራም ሰው ተቃራኒው ቀጭን ነው፣ ለወፍራም ጨርቅ ግን ስስ ነው። ከአምስቱ አንዱ ትርፍ ስለሆነ ወይ ቀጭን ወይ ስስ ይቀራል፣ የትኛው እንደሚቀር የሚነግርህ ሌላ ረድፍ የለም። ያዘጋጀው ሰው ማሳሳቻ ብሎ የጨመረው ቃል ራሱ መልስ ሆነበት። በስስ ፈንታ አሮጌ ቢያስገባ ኖሮ ይሄ ሁሉ ክርክር የለም።

ቲቸር ነኝ፦ ይሄን ማዛመድ እንኳን አልከላከልም፣ ስስን እኔም እቀበል ነበር። አንደኛው ላይ ግን ሃሳቤን አልቀየርኩም፣ መጽሐፎችን እሺ፣ መጽሐፍን አልቀበልም።

አማርኛ ተማሪ፦ ጥያቄው መጥፎ መሆኑን ግን ቲቸር ራሱ እንዴት ያውቃል? ሲያዘጋጅ እሱ ጭንቅላት ውስጥ ያለው መልስ አንድ ነው አይደል

የድሮ አራሚ፦ ለዛ ነው መልሱን የጻፈ ሰው ጥያቄውን መፈተሽ የማይችለው። እኛ ሳይታተም በፊት መልሱን ሸፍነን ቋንቋውን ለሚችሉ ሁለት ሦስት ሰዎች እናስሞላ ነበር፣ የተለያየ የጻፉበትን ቦታ ወይ እናስተካክላለን ወይ መልሱ ላይ ሁለቱንም እንጽፋለን። ከታረመ በኋላ ደግሞ የጎበዞቹን ስህተት አንድ ላይ አድርጋችሁ እዩት። ጎበዝ ልጆች ሁሉም አንድ ዓይነት "ስህተት" ከጻፉ፣ ለምሳሌ አምስቱም ስስ ካሉ፣ መልሱን ነው መጠርጠር። የደካሞቹ ስህተት ብዙ ጊዜ የተበታተነ ነው። ማዛመድ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ፣ አንድ ስትሳሳት የሌላውን መልስ ከወሰድክበት ሁለት ማርክ ነው የምትቀጣው።

ዝም ብዬ አንባቢ፦ ታዲያ 3 በፍጥነት ነው አይደለም?

የሁለት ልጆች እናት፦ ነው ወንድሜ ነው 😂 አሁን ልጄን መጡ ለምን አልሽ፣ ምንባቡ እኮ ትነግረኛለች ይላል ስላት "እሱ ባለጌ ስለሆነ ነው፣ እኔ አያቴን መጣች አልላትም" አለችኝ፣ ከዛ አልላትም ማለቷን ራሷ ሰምታ ሳቀች።

ቲቸር ነኝ፦ እህቴ ለመምህሯ ይሄን እንዳለ ንገሪው። የጓደኛዋንም ወረቀት ይዘሽ ሂጂ፣ ግን ከመጽሐፎች ጀምሪ፣ በመጽሐፍ ከጀመርሽ እንደኔ ድርቅ ይልብሻል።