አባቴ ድኗል፣ ራጁ ግን አሁንም ነጭ ነው፤ የት ላስነሳው?

ሰላም ጎጃሞች፣ ጥቆማ ፈልጌ ነው። ያለነው ፍኖተ ሰላም። አባቴ 62 ዓመቱ ነው፣ ሰኞ ማታ አንቀጠቀጠው ቀኝ ጎኑንም ወጋው፣ ማክሰኞ ጠዋት ራጅ ተነስቶ ምንም የለም ተባልን፣ ሐሙስ ሲደገም ቀኝ ሳንባው ከታች ነጭ፣ አክታው ደግሞ ዝገት ይመስላል። መድኃኒት በጀመረ በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው፣ አሁን ይበላል ይጫወታል። ግን ትናንት በ12ኛው ቀን ያነሳነው ያው ነጭ ነው፣ አንድ ክሊኒክ ሌላ መርፌ ይጀምር አለን። የማክሰኞው ማሽን ተበላሽቶ ነበር እንዴ? ባህር ዳር ዲጂታል ይሻላል ወይስ ሲቲ?

ከዳንግላ፦ ነጭ ማለት ውሃ ነው፣ ባህር ዳር ሄዶ ይቀዳለት። አጎቴ ተቀድቶለት ነው የዳነ።

ራጅ ክፍል የምሠራ፦ ወንድሜ፣ የአጎትህ ውሃ ከሳንባው ውጪ ነበር፣ እሱ ቆሞ ሲነሱ ከታች ይጠራቀምና ጠርዙ ወደ ጎድን ከፍ ይላል። የሳንባ ምች ግን የሚሞላው ትናንሾቹን የአየር ከረጢቶች ነው። እህቴ፣ ፊልሙን ወደ መስኮት ያዢው፣ ነጩ ውስጥ እንደ ቅርንጫፍ ጥቁር መስመር ካለ አየር ያለበት ቱቦ ነው፣ ዙሪያው ሞልቶ እሱ ባዶ ስለቀረ ጎልቶ ታየ።

ማሽኑም ላይበላሽ ይችላል። መጀመሪያ የደም ስሮቹ አብጠው ከረጢቱ ውስጥ ቀጭን ፈሳሽ ነው ያለው፣ ራጅ ላያሳየው ይችላል። በኋላ ቀይ ደም፣ ነጭ ደም ሴልና የረጋ ነገር ይታጨቅና ሳንባው እንደ ጉበት ይጠጥራል፣ ዝገቱ አክታ ከዚያ ነው። ቀዩ ሲፈርስ ግራጫ ይሆናል ግን ከረጢቱ እንደሞላ ነው፣ ስለዚህ ፊልሙ ላይ ለውጥ የለም። መድኃኒቱ ጀርሙን ይገድላል እንጂ የታጨቀውን አይጠርግም፣ ያንን ሰውነት ራሱ ቀስ እያለ በልቶ ነው የሚጨርሰው፣ በአባትሽ ዕድሜ ከስድስት ሳምንት በላይም ሊወስድ ይችላል። በእርግጥ መድኃኒት ሲገባ ደረጃዎቹ እንዲህ ተራ ጠብቀው አይሄዱም፣ አንዱ ጥግ ቀይ ሌላው ግራጫ ይሆናል።

ስለዚህ ለፊልም ብለሽ መርፌ አታስጀምሪ፣ ሲቲም አሁን ብር ማባከን ነው። በስድስት ሳምንት እዛው ፍኖተ ሰላም ቆሞ፣ አየር ስቦ ይነሳ፣ ከጎንም ጭምር፣ የድሮዎቹን ፊልሞች ይዘሽ ሂጂ። ዲጂታል ለማወዳደር ይመቻል እንጂ ግዴታ አይደለም። ትኩሳቱ ከተመለሰ ወይ ትንፋሽ ካጠረው ግን ቀን አትቁጠሪ፣ ፈለገ ህይወት ወይ ጥበበ ጊዮን ውሰጂው።

ከቡሬ፦ ቲቢ ቢሆንስ? የኔን ልጅ ጉንፋን ነው ሲሉኝ ነበር።

ራጅ ክፍል የምሠራ፦ ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈ አክታውን ጂን ኤክስፐርት ማሠራት አይከፋም። በአንድ ሌሊት አንቀጥቅጦ የሚጀምር ግን የቲቢ ጠባይ አይመስለኝም።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ሲጋራ 20 ዓመት አጭሶ ነው የተወው፣ ይሄስ?

ከደብረ ማርቆስ፣ ጤና መኮንን፦ እንዲያ ከሆነ እኔ አራተኛው ሳምንት ላይ አንዴ አየው ነበር፣ ከነጩ ጀርባ ቱቦ የዘጋ ዕጢ ሊደበቅ ይችላል።

ራጅ ክፍል የምሠራ፦ ድጋሚ መታየቱ ግድ ነው፣ በዚህ አልከራከርም። ግን በአራት ሳምንት ያልጠራ ነገር ብታይ ምን ልትል ነው፣ ያው ጠብቁ አይደል?