ጥቆማ፦ ለብጉር ጥቁረት ኒያሲናማይድ ሴረም፣ 5 በመቶ ወይስ 10 በመቶ?

ጠያቂዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ፊቴ ወዛም ነው፤ ብጉሩ ሲድን ጉንጬ ላይ ጥቁር ምልክት ትቶ ይሄዳል። ለብጉሩ ማታ ማታ አዳፓሊን 0.1 በመቶ እቀባለሁ፣ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። አሁን ኒያሲናማይድ ልጨምርበት አስቤ ሁለት ሴረም አማርጣለሁ። አንዱ 5 በመቶ ብቻ ነው፤ ሌላው 10 በመቶ ሆኖ 1 በመቶ ዚንክ አለው። የትኛው ይሻለኛል? ከምን ከምን ጋርስ ይስማማል?

ወለላ
10 በመቶውን ያዢ፣ አትቆጪም። እኔ ከእሱ ሌላ ፊቴን አላስነካም። አሁን 20 በመቶም መጥቷል፤ ካገኘሽ እሱ ይበልጣል።

ቀይ ጉንጭ
ኧረ ተይው እህቴ! 10 በመቶውን በተቀባሁ በደቂቃዎች ውስጥ ፊቴ ነደደ። አራተኛው ቀን ላይ አፍንጫዬ ዙሪያ ተላጠ፤ የተላጠው ቦታ ደግሞ ጠቆረ። ጥቁረት ላጠፋ ብዬ ጥቁረት ገዛሁ። ኒያሲናማይድ ለሁሉም ቆዳ አይሆንም።

ሰኞ ማታ
እኔም እንደዚሁ ሆኛለሁ! ምን ቀብተሽ ተሻለሽ?

ቀይ ጉንጭ
ሁሉንም አቁሜ ቫዝሊን ብቻ።

መለያ አንባቢ
ቀይ ጉንጭ፣ በዚያ ሳምንት ሌላ ምን ትቀቢ ነበር? የፊት መታጠቢያሽንም ጨምረሽ ንገሪኝ።

ቀይ ጉንጭ
ጠዋት ቫይታሚን ሲ 20 በመቶ፣ ማታ ግላይኮሊክ አሲድ ቶነር። መታጠቢያዬ ሳሊሲሊክ አለው።

መለያ አንባቢ
እንግዲያው ሁለት ነገሮችን ለይተን እንይ። በተቀባሽ በደቂቃዎች ውስጥ የሚመጣና ሰዓት ሳይሞላ የሚበርድ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከኒኮቲኒክ አሲድ ነው። እሱ የኒያሲናማይድ ዘመድ ነው፤ ጥሬ ዕቃው በደንብ ካልተጣራ ጥቂት ይቀርበታል፣ የደም ሥርንም ያሰፋል። ሴረሙ ውስጥ ያለው ኒያሲናማይድ ሲበዛ አብሮት የሚገባው ቅሪትም ይበዛል። ጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በእጅሽ ሙቀቱን ዳሺው።

ቀን ቆጥሮ የሚመጣው መላጥና ማቃጠል ግን ሌላ ነው። ያ የቆዳሽ መከላከያ ሽፋን ተጎድቷል ማለት ነው፤ ሦስት አሲድ እየተፈራረቀበት ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ በኒያሲናማይድ ላይ መጣል አይቻልም። ለመለየት ሽፋንሽ ሲያገግም ሴረሙን ክንድሽ ውስጠኛው ላይ ለጥቂት ቀን ሞክሪው። ጤነኛ ቆዳ ላይም ወዲያው የሚያነድ ከሆነ ጠርሙሱን ጠርጥሪ። ፊት ላይ ብቻ ከሆነ ሽፋንሽን።

ብርቱካናማ
ዋናውን ማንም አልተናገረም! ኒያሲናማይድና ቫይታሚን ሲ አብረው አይቀቡም፣ ይሻራሉ። ችግሩ እሱ ነው።

መለያ አንባቢ
መነሻ አለው፣ ግን እንደሚወራው አይደለም። የድሮዎቹ ሙከራዎች ያልተረጋጋ ቫይታሚን ሲን ፊታችን ከማይደርስበት ሙቀት ጋር ነው ያዩት። ፊት ላይ በሚቆይበት ጊዜ ሁለቱ አይሻሩም። እውነቱ ያለው ፒኤቹ ማለትም የአሲድነት ልኩ ላይ ነው፤ ንጹሕ አስኮርቢክ አሲድ ከ3.5 በታች ይፈልጋል፣ ኒያሲናማይድ ከ5 እስከ 7 ባለው ይረጋጋል። ስለዚህ አንድ ጠርሙስ ውስጥ ማስቀመጡ ነው የሚያስቸግረው። ቆዳው የሚቆጣ ሰው አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ማታ ያድርገው።

ወለላ
እኔ ሁለቱንም አብሬ እቀባለሁ፣ ምንም አልሆንኩም። 10 በመቶዬን አልቀይርም።

አለሁ ባይ
20 በመቶ ከ10 የሚበልጥ ከሆነማ ዱቄቱን ገዝተን መቶ በመቶውን ፊታችን ላይ እንነስንሰዋ።

መለያ አንባቢ
ወደ ጠያቂዋ እንመለስ። ጥቅሙ የታየባቸው ሙከራዎች አብዛኞቹ ከ2 እስከ 5 በመቶ ያሉ ናቸው። 2 በመቶ ወዝ ሲቀንስ ታይቷል። ለጥቁረት የተሞከረው 4 እና 5 በመቶ ነው። 10 በመቶ ከ5 በመቶው እጥፍ ይሠራል የሚል አሳማኝ ነገር አላየሁም፤ ማቃጠሉ ግን ይጨምራል። ያንቺ ጉዳይ ደግሞ ከቁጣ የሚመጣ ጥቁረት ነው። ብጉር ቆዳሽን አስቆጥቶ ምልክት ከተወ፣ የሚያቃጥል ሴረምም እንዲሁ ይተዋል። አዳፓሊን ላይ ገና ሁለት ወርሽ ስለሆነ እኔ 5ቱን እመርጥልሻለሁ።

ኒያሲናማይድ ቀለሙን ማምረት አያስቆምም። የተመረተው ቀለም ወደ ላይኞቹ የቆዳ ሕዋሳት እንዳይሻገር ነው የሚቀንሰው። ስለዚህ የተሻገረው ከቆዳው ጋር እስኪረግፍ መጠበቅ ግድ ነው፤ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሳይሞላ አትፍረጂበት። የፀሐይ መከላከያ ካልተቀባሽ ደግሞ ፀሐይዋ የቀነሰውን ትመልሰዋለች።

እናቴ ትኑርልኝ
ለማዲያትስ ይሆናል? ለእናቴ ነው። ሀይድሮኪኖን ተሰጥቷት ፊቷን አቃጠላት።

ቆዳ ክፍል
ይሞከራል። በ2011 በወጣ ጥናት 27 ሴቶች በአንዱ የፊታቸው ጎን 4 በመቶ ኒያሲናማይድ፣ በሌላው 4 በመቶ ሀይድሮኪኖን ለ8 ሳምንት ተቀብተው ነበር። ሀይድሮኪኖኑ ትንሽ በለጠ፣ የኒያሲናማይዱ ወገን ግን ያነሰ ተቆጣ። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ከዚህ አታሳልፊው። ለማዲያት የሚታይ ብርሃንም ጠላት ነው፤ አይረን ኦክሳይድ ያለበት፣ ቀለም ያለው የፀሐይ መከላከያ ፈልጊላት። መቃጠሉን ላዘዘላት ሐኪም ሳትነግሪ ግን ሌላ አትጀምሩ።

ጠያቂዋ
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ከአዳፓሊን ጋር እንዴት ላስኪደው? ዚንኩስ ምን ይጨምርልኛል?

ቆዳ ክፍል
ከአዳፓሊን ጋር በደንብ ይስማማል። ኒያሲናማይድ ቆዳው ሴራማይድ የሚባለውን የመከላከያ ሽፋኑን ስብ እንዲያመርት ስለሚያግዝ ድርቀቱን ያስታግሳል። የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ጠዋት ብቻ ተጠቀሚ። ታጠቢ፣ ሁለት ሦስት ጠብታ በስሱ ተቀቢ፣ እስኪጠጣ ጠብቂ፣ ከዚያ ማለስለሻና የፀሐይ መከላከያ። ሰላም ከሆነ ማታም ከአዳፓሊኑ በፊት መጨመር ትችያለሽ። በእነዚያ ሳምንታት ሌላ አዲስ ነገር አትጀምሪ፤ ያለዚያ ቢያቃጥልሽ የትኛው እንደሆነ አታውቂውም።

በኋላ ጥቁረቱ አልነቃነቅ ካለ አዜላይክ አሲድ ወይም ትራኔክሳሚክ አሲድ አንዱን ብቻ ጨምሪ። ዚንኩ ወዝ ላይ ያግዛል ይባላል፤ እኔ ግን ለዚንኩ ብዬ 10 በመቶውን አልገዛም።

ወለላ
ዚንኩ ነው እኮ የሚሠራው! ግንባሬን ብታዩት።

መለያ አንባቢ
ወለላ፣ ላንቺ ከተስማማሽ ቀጥዪበት፤ ለእሷ ግን ግንባርሽ ማስረጃ አይሆናትም። ጠያቂዋ፣ 10ሩን አስቀድመሽ ገዝተሽ ከሆነ አትጣዪው። ከሽታ የለሹ ማለስለሻሽ ጋር መዳፍሽ ላይ እኩል ለእኩል ብትቀላቅዪው ወደ 5 ይወርዳል። የምትቀላቅዪበት ማለስለሻ ግን ራሱ ኒያሲናማይድ እንዳይኖረው መለያውን እዪ። የሚቀባው ሁሉ ላይ እየገባ ስለሆነ ሳታውቂ ሦስት ጊዜ ትደራርቢዋለሽ።

ሰኞ ማታ
መለያው ላይ መቶኛው ካልተጻፈስ?

መለያ አንባቢ
ፊኖክሲኢታኖልን ፈልጊ። እሱ ማቆያ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ1 በመቶ አይበልጥም። ኒያሲናማይድ ከእሱ በታች ከተጻፈ መጠኑ ከ1 በመቶ ያልበለጠ ነው፣ ለጥቁረት አትጠብቂበት። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ላይ ካለ ደህና መጠን አለው ማለት ነው፤ ስንት እንደሆነ ግን ከዝርዝሩ አይታወቅም።

ብርቱካናማ
የእኔ ከፀሐይ መከላከያው በታች እንደ ላጲስ ፍርፋሪ እየተንከባለለ ይወጣል። ተበላሽቶ ነው?

ቆዳ ክፍል
አልተበላሸም፣ በዝቶ ነው። ሴረሙን የሚያወፍረው ሙጫ ሳይደርቅ ሲሊኮን ሲደረብበት ይንከባለላል። ጠብታውን ቀንሺ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቂ፣ የላዩን ደግሞ ከማሸት ይልቅ በመዳፍሽ ጫን ጫን አድርጊው።

ቀይ ጉንጭ
ክንዴ ላይ ሞከርኩት፣ ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ አላነደደኝም። ፊቴ ላይ ግን ገና እፈራለሁ።

መለያ አንባቢ
ፍሪው፣ ልክ ነሽ። ከታጠብሽ በኋላ ፊትሽ ውሃ እንኳ ሲነካው የሚቆጠቁጥሽ ከሆነ ገና ነው። ጠያቂዋ፣ የትኛውን ያዝሽ?

ሰኞ ማታ
እኔም ልጠብቅ፤ የያዘችውን ትንገረንና እኔም እሱን እገዛለሁ።