ሃፍ ላይፉ 9.2 ሰዓት ወጣብኝ፤ የቱ ጋ ነው የሳትኩት?

ጠያቂ (የፋርማሲ ተማሪ፣ ደሴ)
500 ሚሊግራም መድኃኒት በደም ሥር ባንዴ ተሰጥቶ፣ በፕላዝማ ውስጥ የተገኘው ይሄ ነው፦

```
h     mg/L
1     16.8
2     14.1
4     10
8     5
12    2.5
```

በካልኩሌተሬ log ወስጄ መስመሩን ሳሰምር ስሎፑ -0.0753 መጣ። 0.693ን ለሱ ሳካፍል 9.2 ሰዓት ሆነ። መልሱ ግን 4 ነው ይላል። ቮልዩሙም 29.8 ሊትር ወጣልኝ፣ መልሱ 25። ከማታ ጀምሮ እዚሁ ላይ ነኝ።

መልስ 1
ምን ካልኩሌተር ያስፈልጋል? 4 ሰዓት ላይ 10፣ 8 ሰዓት ላይ 5። በ4 ሰዓት ግማሽ ሆነ፣ አለቀ። ቮልዩሙ ግን ያንቺ ትክክል ነው፣ 500ን ለ16.8 ማካፈል ነው። መልሱ ላይ ተሳስተው ይሆናል።

መልስ 2 (ፋርማሲስት)
አብሽሪ እህቴ፣ ሁለት ቦታ ብቻ ነው የሳትሽው። ካልኩሌተሩ ላይ log የሚለው በ10 መሠረት ነው፣ 0.693 ግን የln ነው። ስለዚህ ስሎፑን መጀመሪያ በ2.303 አብዢው። ወይም ከመነሻው ln ውሰጂ።

ቮልዩሙ ላይ ወንድሜ አልተሳካለትም። 16.8 የተለካው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው፣ እስከዚያ ጥቂቱ ወጥቷል። መስመሩን ወደ ኋላ ዜሮ ሰዓት ድረስ ሳቢው፣ 20 ላይ ይቆርጣል።

```
k    = 2.303 × 0.0753 = 0.173 /h
t1/2 = 0.693 / 0.173  = 4 h
V    = 500 / 20       = 25 L
CL   = 0.173 × 25     = 4.3 L/h
```

ክሊራንሱን ባንቺ ቁጥሮች ብትሠሪው 2.2 ይመጣ ነበር፣ ግማሽ ያህል።

መልስ 3 (ኮምቦልቻ)
እኔ ክኒን ነው የምወስደው። የደም ውጤቴ ላይ ያለውን ቁጥር ይዤ በዚሁ ማስላት እችላለሁ?

መልስ 2
አይሆንም ወዳጄ። ክኒን ሲሆን ምን ያህሉ ደም ውስጥ እንደገባ አይታወቅም፣ አንድ ቁጥር ደግሞ መስመር አይሠራም። ውጤትህን ላዘዘልህ ሐኪም አሳየው።

ጠያቂ
አላህ ይስጥልኝ! አሁን ገባኝ። አንድ የደበቅኩት ነገር አለ ግን። 15 ደቂቃ ላይ 26 የሚል ነጥብ ነበር። ከመስመሩ በላይ ስለወጣ ትቼው ነው።

መልስ 1
ጣይው፣ የላብ ስህተት ነው።

መልስ 2
ቀስ በሉ። መስመሩ እዚያ ላይ 19 ገደማ ነው የሚሰጠው፣ 26 ብዙ ነው። ደሙ መርፌው ከተወጋበት ክንድ ራሱ ከተቀዳ እንዲህ ሊዘል ይችላል። ካልሆነ ግን መድኃኒቱ ገና ወደ ቲሹ እየተሰራጨ ነው፣ ያኔ የአንድ ኮምፓርትመንቱ ስሌት አይመጥነውም። ክሊራንሱም 500ን ከግራፉ ሥር ላለው ስፋት በማካፈል ይሠራል፣ ከ4.3 ትንሽ ዝቅ ይላል። ከየትኛው ክንድ እንደተቀዳ ጥያቄው ላይ ተጽፏል?

ጠያቂ
አልተጻፈም። 5 እና 30 ደቂቃ ላይም አልተለካም።

መልስ 2
እንግዲያው በአንዱ ነጥብ መፍረድ አልችልም። 25ቱን ጻፊ፣ 26ቷንም ግራፉ ላይ አስቀምጫት።