ጥቆማ፦ ለማስክ ፊት ቴስት በጣፋጩ ርጭት ልሂድ ወይስ በማሽን?

ጠራቢው
ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ድንጋይ መቁረጥ ነው፤ ግራናይትም ሰው ሠራሽ ድንጋይም እቆርጣለሁ። አቧራው ሲሊካ አለበት። የማደርገው ማስክ ጎማ ነው፤ ግማሽ ፊት ይሸፍናል፤ ፊልተሩ ግራና ቀኝ ይገጠማል። አሁን ፊት ቴስት ልሠራ ነው፤ ሁለት አማራጭ አለኝ። አንደኛው ጭንቅላት ላይ ኮፈን ደፍተው ጣፋጭ ነገር የሚረጩበት ነው። ሁለተኛው ማስኩ ላይ ቀጭን ቱቦ ሰክተው በማሽን የሚለኩበት ነው። የቱን ትመክሩኛላችሁ? አጭር ጺም አለኝ፤ ሁሌም እከረክመዋለሁ። እሱስ ችግር ይሆናል?

ለስላሳ ቆዳ
ወንድሜ፣ እኔም የፊት ምርመራ አድርጌ ነበር። ከተላጨሁ በኋላ አንገቴና አገጬ ሥር ሽፍ ይልብኝና ያሳክከኛል። ሽታ የሌለው ቅባት ተጠቀም፤ ጸጉሩ ወደበቀለበት አቅጣጫ ተላጭ፤ አንዱን ቦታ ደጋግመህ አትላጭ። እኔን የረዳኝ ይሄ ነው።

ማስኬን አልቀይርም
ግራ አትጋባ። ጠርዙ ሲሊኮን የሆነ ማስክ ግዛና ተገላገል። እኔ አንድ ዓይነት ብቻ ሳደርግ 9 ዓመቴ ነው። ጺም አለኝ፤ ማሰሪያውን ጠበቅ አደርገዋለሁ፤ ፊቴ ላይ ልጥፍ ይላል። አንድም ቀን አቧራ ሸቶኝ አያውቅም። ቴስት ምናምን ለማያምኑት ነው።

ልኬት
እኔ ይህን ምርመራ፣ ማለትም የማስኩ ጠርዝ ፊት ላይ በደንብ መግጠሙን የሚፈትነውን፣ የምሠራ ሴት ነኝ። «ልኬት» ያልኩትም ለዚሁ ነው።

ጠራቢው፣ የጺሙ ጥያቄ ከሁለቱ ምርመራዎች ይቀድማል። የማስኩ ጠርዝ በሚያርፍበት መስመር ላይ ጸጉር ካለህ የትኛውም ምርመራ አይደረግልህም። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ደንብ በግልጽ ይከለክለዋል፤ ብቅ ያለ ቁጥቋጦ ጺም እንኳ አይፈቀድም። እኔም ጺም ያለበትን ሰው ሳልመረምር ነው የምመልሰው።

አልቀይርም ወንድሜ፣ ሲሊካ አይሸትም። እስከ ሳንባ ጥልቅ የሚዘልቀው ብናኝ በዓይን አይታይም። ስለዚህ «አልሸተተኝም» ማለት ምንም አይነግረንም።

3 ወር ያለ መከላከያ
የእኔን ስሙኝና ከዚያ ምረጡ።

በጣፋጩ ርጭት ተመርምሬ አልፌ ነበር። መርማሪው መጥቶ ማስኩን አስደረገኝ፤ ኮፈኑን ደፋብኝ፤ ረጨ፤ «ጣፈጠህ?» አለኝ። አልጣፈጠኝም። «አለፍክ» ብሎ ፈረመልኝ። በዚያን ቀን የአራት ቀን ጺም ነበረኝ፤ አንድም ነገር አልተናገረም። ከዚያ 3 ወር ሙሉ አቧራ ውስጥ ሠራሁ።

ሥራ ስቀይር ሌላ ቦታ በማሽን ተለካሁ፤ ያኔም ጺሜን አልተላጨሁም ነበር። ስክሪኑ ላይ 31 ወጣ። የሚፈለገው ቢያንስ 100 ነው። እዚያው ምላጭ ሰጡኝና ተላጨሁ። ያንኑ ማስክ፣ በዚያው ማሰሪያ አደረግኩ፤ 640 ወጣ። ከዚያ ጣፋጩን ያለ ማስክ አስቀመሱኝ፤ ምንም አልቀመስኩም። ለካስ የእኔ ምላስ ሳካሪን የሚባለውን ያንን ጣፋጭ አይለይም።

ቀለም ነኝ
ያሳዝናል። እኔ ቀለም እረጫለሁ፤ እኔን የመረመሩኝ የሙዝ ሽታ ባለው ፈሳሽ ነው። ማስክህ ውስጥ ሙዝ ከሸተተህ አበቃ፤ ወድቀሃል። ጠራቢው፣ እሱን ሞክር። ፊልተርህንም በየጊዜው ቀይር።

ልኬት
ቀለም ነኝ፣ የሙዝ ሽታው ለአንተ ትክክል ነው፤ ምክንያቱም የአንተ ፊልተር የኬሚካል ትነት ይይዛል። ጠራቢው ያለው የአቧራ ፊልተር ከሆነ ግን ሽታው ፊልተሩን ሰንጥቆ ያልፋል። ጠርዙ ቢገጥምም ባይገጥምም ይሸተዋል። ለእሱ አይሠራም።

3 ወር፣ አንተ ላይ የተሠራው ምርመራ አይደለም። ከማስኩ በፊት የቅምሻ ደረጃ አለ፤ እሱ ተዘሏል። ኮፈኑን ያለ ማስክ ደፍተን ቀጭኑን ፈሳሽ እንረጫለን። አፍህን ከፈት፣ ምላስህን ወጣ አድርገህ ትተነፍሳለህ። የመርጫውን ጎማ 10 ጊዜ ጨምቀን ካልቀመስክ 20፣ ካልሆነም እስከ 30 እንሄዳለን። በ30ም ካልቀመስክ ሳካሪን ለአንተ አይሆንም ማለት ነው። መራራው ፈሳሽ ይሞከራል፣ ወይ ወደ ማሽን ትሄዳለህ።

ከቀመስክ ደግሞ ማስክህን አድርገህ ትመለሳለህ፤ አሁን የሚረጨው 100 ጊዜ የበረታው ነው። መጀመሪያ በ10 ጭመቃ የቀመሰ ሰው አሁንም 10 ይረጭለታል፤ ከዚያ በየ30 ሴኮንዱ 5 ይጨመራል። ቀጭኑን የቀመሰ ምላስ የበረታውን ካልቀመሰ፣ ማስኩ ውስጥ የገባው ከውጪው መቶ እጅ አንዱን አይሞላም ማለት ነው። 100 የሚለው ቁጥር የሚመጣው ከዚህ ነው። ቅምሻው ከተዘለለ ግን ምላሱ የማይለይ ሰው ሁሉ ያልፋል። ማስኩን ጨርሶ ባያደርግም ያልፋል።

ግልጹን ልንገርህ
ሳያስቀምሱ «አለፍክ» ብሎ መፈረም ምርመራ አይባልም። እንዲህ የሚሠራ ሰው ፊርማውን ሊሰጥ አይገባም። 3 ወር፣ አንተም ብትሆን ጺም ይዘህ መግባት አልነበረብህም። ሁላችሁም «ማጥበቅ» ትላላችሁ፤ ማጥበቅ ጸጉር አይላጭም።

3 ወር ያለ መከላከያ
ማን ነገረኝና? የነገረኝ ቢኖር ተላጭቼ እገባ ነበር።

ግልጹን ልንገርህ
ይቅርታ ወንድሜ። ጥፋቱ የመርማሪው ነው። ንዴቴ እሱ ላይ ነው።

ግማሽ ጺም
እንዴ፣ ጺም ሁሉ ችግር አይደለም እኮ። እኔ ሪዝ አለኝ፤ ማስኩ ውስጥ ነው የሚቀረው፤ ቴስት አልፌያለሁ። ችግሩ ረጅም ጺም ነው። እንደ ጠራቢው የተከረከመ ከሆነ ምንም አይልም። ካስፈለገም ጠርዙን ቫዝሊን ቀባ፤ ይደፍነዋል።

ልኬት
ግማሽ ጺም፣ በሪዙ ልክ ነህ። ጠርዙ ላይ የማይደርስና የሚወጣውን አየር ቫልቭ የማይነካ ሪዝ አይከለከልም። ከርክሞ ማቆየቱ ላይ ግን ተሳስተሃል። የተከረከመ ጸጉር ደረቅ ነው፤ ይቆማል። ጎማውን ከቆዳው ላይ ብድግ ያደርገዋል።

መጠኑን አስቡት። አንድ የጺም ዘለላ በግምት የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ይወፍራል። ሳንባ ውስጥ የሚቀመጠው የሲሊካ ብናኝ ከዚያ ከ10 ጊዜ በላይ ያነሰ ነው። በሁለት ዘለላዎች መካከል ያለው ክፍተት ለእሱ ሰፊ በር ነው። ስትተነፍሱ ደግሞ ማስኩ ውስጥ ግፊት ይቀንሳል፤ አየር በቀለለው መንገድ ይገባል። ፊልተሩ ይከለክለዋል፤ ክፍተቱ አይከለክለውም። ፊልተሩ በአቧራ እየታፈነ ሲሄድ መሳቡ ይከብዳል፤ ያኔ ከጎን የሚገባው ይብሳል። በየቀኑ ሲደረግ እየባሰ የሚሄደው ለዚህ ነው። ቫዝሊን ክፍተቱን አይሞላም፤ ማስኩን ያንሸራትተዋል።

ጸጉሩ ጠርዙ ሥር ሲሆን ከተላጨ ሰው ይልቅ ከ20 እስከ 1000 ጊዜ የበለጠ እንደሚያስገባ ጥናቶች አሳይተዋል። የ3 ወርን 31 እና 640 እዩት፤ ልዩነቱ 20 እጥፍ ነው።

ማስኬን አልቀይርም
እኔ ግን ማስኬን አምነዋለሁ። በእጄ ፊልተሮቹን ደፍኜ ስስብ ወደ ፊቴ ይጣበቃል። ይሄ አይበቃም?

ልኬት
ጥሩ ልማድ ነው፤ ሁሌ ስታደርገው እንዲህ ሞክረው። ይሄ ግን ትልቁን ክፍተት ብቻ ነው የሚይዝልህ። ቁጥር አይሰጥህም። 31 ያገኘውም ሰው ሲስበው ይጣበቅለት ይሆናል።

ጠራቢው
አመሰግናለሁ፤ ልኬት፣ እግዜር ይስጥሽ። እንግዲህ ማሽኑ ይሻላል ማለት ነው?

ልኬት
ሁለቱም በትክክል ከተሠሩ ለግማሽ ፊት ማስክ ይበቃሉ። ማሽኑ የምላስ ጣጣ የለበትም፤ በየትኛው እንቅስቃሴ እንደሚያፈስም ያሳይሃል። በቱቦው አየር እየሳበ ማስኩ ውስጥና ውጪ ያለውን ቅንጣት ይቆጥራል። ውጪ 5000፣ ውስጥ 25 ከሆነ ቁጥርህ 200 ነው።

አንድ ነገር ግን እወቅ። ስትተነፍስ፣ ጭንቅላት ስታዞር፣ ወደ ላይና ወደ ታች ስታይ፣ ስታወራ፣ ስታጎነብስ ለየብቻ ይለካል። መጨረሻ ላይ የሚወጣው ቁጥር ተራ አማካይ አይደለም። ሰባት ጊዜ ተለክቶ ስድስቱ 1000 ቢወጣና ማጎንበሱ ብቻ 10 ቢሆን፣ ተራው አማካይ 860 ገደማ ይሆን ነበር። ማሽኑ ግን 66 ነው የሚልህ፤ ወድቀሃል። መጥፎዋ እንቅስቃሴ ትጎትተዋለች። አንተ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለህ ነው የምትቆርጠው፤ ስለዚህ ይህ ለአንተ ቁም ነገር ነው።

ለስላሳ ቆዳ
ይቅርታ፣ «ፊት ቴስት» የፊት ቆዳ ምርመራ መስሎኝ ነበር የጻፍኩት። አሁን ነው የገባኝ። ግን ጥያቄ አለኝ፤ እንደ እኔ በየቀኑ መላጨት የሚያቆስለው ሰው ምን ያድርግ?

ልኬት
ጥሩ ጠየቅክ። ጠርዙ ፊት ላይ የማይጣበቅ፣ ጭንቅላትን የሚሸፍን፣ በባትሪ ማራገቢያ የተጣራ አየር የሚገፋ ሁድ አለ። ጺም አይከለክለውም፤ ፊት ቴስትም አይፈልግም። በአሜሪካው ደንብ ሥራ ላይ የሚታሰበው የግማሽ ፊት ማስክ መከላከያ 10 እጥፍ ሲሆን የዚህ 25 ነው። ከሥራ በፊት ግን የአየሩን ፍሰትና ባትሪውን ማየት ግዴታ ነው። ማራገቢያ ኖሮት ፊት ላይ ጥብቅ የሚለው ዓይነት ከሆነ ግን መላጨትም መመርመርም አይቀርም።

ግማሽ ጺም
ሐኪሞች ጺማቸውን በሚለጠጥ ስስ ጎማ አስረው ማስክ እንደሚያደርጉ አይቻለሁ። ያ ይሠራል።

ልኬት
ሲክ ሐኪሞች ላይ ተሞክሮ ብዙዎቹ አልፈዋል፤ እውነት ነው። የሞከሩት ግን ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ጎማውን ያሰሩትም በጥንቃቄ ነው። ድንጋይ ቆራጭ አቧራ ውስጥ ላብ እያላበው ቀኑን ሙሉ ቢያስረው ምን እንደሚሆን ያ ሙከራ አይነግረንም። እኔ አልመክርም።

ጠራቢው
አሁን መስታወት ፊት ማስኩን አድርጌ አየሁት። ጠርዙ አገጬ ሥር፣ ልክ ጺሜ የሚጀምርበት ላይ ነው የሚያርፈው። ጉንጬ ላይ ደግሞ ንጹህ ቆዳ ነው። ታች ያለውን ብቻ ብላጭስ?

ልኬት
ታች ያለው ነው ዋናው። አገጭ ሥር ስታወራና ስታጎነብስ የሚከፈተው እሱ ነው። ጠርዙ የሚነካውን ሁሉ ላጨው፤ ሁለት ጣት ያህልም ጨምርበት፤ ማስኩ ሲንቀሳቀስ ይወርዳልና። እንግሊዞቹ ከፈረቃው በፊት በ8 ሰዓት ውስጥ ተላጩ ይላሉ። ማታ ተላጭተህ ጠዋት ብትገባ እንኳ ጸጉሩ ጀምሯል። ለምርመራው ቀን ብቻ ተላጭተህ ከዚያ ብትተወው፣ የወጣው ቁጥር የሌላ ሰው ነው።

3 ወር ያለ መከላከያ
ጠራቢው፣ ጣፋጩን ከመረጥክ «መጀመሪያ አስቀምሰኝ» በል። እንቢ ካለህ ውጣ።

ማስኬን አልቀይርም
እኔም ነገ ተላጭቼ ልለካ ነው። ማስኬን ግን አልቀይርም።