ከአደጋ በኋላ አምስት ወር የቆመ የብየዳ ሥራ፦ የጠፋውን ገቢ በምን ላስረዳ?

ብየዳ ከሽምብጥ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ውስጥ በር፣ መስኮትና አጥር የምሠራበት የብየዳ ቤት አለኝ። ባለፈው ዓመት ጥቅምት አጋማሽ ላይ በሳይክል ወደ ዘንዘልማ ስሄድ አንድ አይሱዙ ከኋላ ገጨኝ። የጭን አጥንቴ ተሰብሮ ብረት ገባበት። እስከ መጋቢት አጋማሽ ድረስ ሥራ አልሠራሁም። አሁን ሽማግሌዎቹ «ከኢንሹራንሱ 40 ሺህ ተቀብለህ ጨርስ» ይሉኛል። ደሞዝተኛ አይደለሁም። የግብር ወረቀቴ ላይ ያለው ገቢም ከእውነተኛው በጣም ያንሳል። የጠፋብኝን ገቢ በምን ላስረዳ? ስንትስ ልጠይቅ?

የጣና ልጅ፦ እግዚአብሔር ይማርህ ወንድሜ። እኔም ሥራ ላይ እያለሁ ከስካፎልድ ወድቄ ነበር። ድርጅቱ ሦስት ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት 75 በመቶ ከፍሎኛል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያየው ቢሮ ሂድና ጠይቅ፤ መብትህ ነው።

ዘንዘልማ፦ እሱ የቅጥር ሠራተኛ አይደለም እኮ። ወንድም፣ መጀመሪያ የሾፌሩ የወንጀል ጉዳይ ይለቅ። ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ፍትሐ ብሔር ትከፍታለህ። ከዚያ የአምስት ወር ሽያጭህን ሙሉውን ጠይቅ፤ ዳኛው ራሱ ይቀንሰዋል።

የቀድሞ ነገረ ፈጅ፦ ዘንዘልማ የቅጥሩን ነገር በትክክል ብሏል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ክፍያ ለተቀጠረ ሰው ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ምክሮች ግን ሊጎዱህ ይችላሉ።

የወንጀሉን ውሳኔ አትጠብቅ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የመኪናው ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው፤ ሾፌሩ ጥፋተኛ መባሉ የግድ አይደለም። ባለቤቱ በዋናነት የሚከራከርህ ጥፋቱ የአንተ እንደነበር ለማሳየት ነው። ከኋላ ስለተገጨህ የትራፊክ ፖሊሱን ፕላን በእጅህ አድርግ። የጊዜውን ነገርም አትርሳ። በአንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ያለህ ሁለት ዓመት ነው። በወንጀል ምክንያት ሊረዝም ይችል ይሆናል፤ አንተ ግን በሁለት ዓመቱ ውስጥ ክፈት።

40 ሺህ ብሩ በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 799 ለአካል ጉዳት አስቀምጦት የነበረው የሦስተኛ ወገን መድን ጣሪያ ነው። መድን ሰጪው እስከ ጣሪያው ይከፍላል፤ ከጣሪያው በላይ ያለው በባለቤቱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ገንዘቡን መቀበልህ ችግር የለውም። ችግሩ የምትፈርምበት ወረቀት ነው። «ከእንግዲህ በማንም ላይ ጥያቄ የለኝም» የሚል ቃል ካለበት አትፈርም። «ከመድን ሰጪው የተቀበልኩት ነው፤ በባለቤቱ ላይ ያለኝ ቀሪ መብት የተጠበቀ ነው» ተብሎ ይጻፍ። ሽማግሌዎቹም ቢሆኑ ይህን ይወቁ። ለሰላም ብለው ያመጡት የእርቅ ወረቀት ክስህን ሊዘጋብህ ይችላል።

አሁን ስለ ስሌቱ። ያጣኸው ሽያጩን አይደለም፤ ከሽያጩ ላይ አንተ ዘንድ ይቀር የነበረውን ነው። ከአደጋው በፊት ከነበረው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ጋር አወዳድር። የዓመቱን አማካይ አትውሰድ። ባሕር ዳር ውስጥ ግንባታ የሚደምቀው በበጋ ነው፤ ክረምት ላይ የብየዳ ቤት ይቀዘቅዛል። አንተ የቆምከው በሥራው ወራት ስለሆነ የዓመት አማካይ ያሳንስብሃል። እስኪ ከደብተርህ ቁጥሮቹን አምጣ።

ብየዳ ከሽምብጥ፦ እናመሰግናለን ጋሼ። ደብተር አለኝ። ካቻምና በነዚያው አምስት ወራት የተቀበልኩት 310 ሺህ ብር ነው። ለላሜራ፣ ለቱቦላሬ፣ ለኤሌክትሮድ፣ ለቀለም፣ ለመብራትና ለቀን ሠራተኛ የወጣው 205 ሺህ። የሱቁ ኪራይ በወር 4 ሺህ ነው፤ ተኝቼም ከፍያለሁ። ረዳቴ ትንንሽ ሥራ እየሠራ ከዕቃና ከራሱ ክፍያ በኋላ 18 ሺህ ብር አምጥቶልኛል።

የቀድሞ ነገረ ፈጅ፦ ጥሩ ነው፤ ንጹህ ቁጥር ነው። ከ310 ሺህ ላይ 205 ሺህ ሲነሳ 105 ሺህ ይቀራል። ላሜራውንና ኤሌክትሮዱን ስላልገዛህ ያ ወጪ ቀርቶልሃል፤ ስለዚህ ይቀነሳል። ኪራዩ ግን አልቀረልህም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኪራዩን ከ105 ሺህ ላይ አትቀንስ፤ ከላዩም 20 ሺህ ጨምረህ አትጠይቅ። ብትሠራ ኖሮ ኪራዩን የምትከፍለው ከዚሁ 105 ሺህ ላይ ነበር። ለብቻው ከጨመርከው ሁለት ጊዜ መጠየቅ ይሆናል፤ የባለቤቱ ጠበቃም ወዲያው ያየዋል።

ረዳትህ ያመጣውን 18 ሺህ ቀንስና 87 ሺህ ብር ይሆናል። አንተ ራስህ ቀድመህ ብትቀንሰው ሌላው ቁጥርህም ይታመናል። የሕክምና ወጪው ለብቻው ይጠየቃል። እግርህ ላይ የቀረ ጉድለት ካለም በሕክምና ቦርድ ተመዝኖ እንደ ሌላ ጥያቄ ይቀርባል። የመድኑ 40 ሺህ ከጠቅላላው ድምር ላይ ይነሳል።

አንድ ወረቀት ደግሞ እንዳትረሳ። የሆስፒታሉ ማስረጃ ብዙ ጊዜ «የጭን አጥንት ስብራት፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል» ብሎ ያበቃል። ይህ አምስቱን ወር አያስረዳልህም። ሐኪሙ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ቆመህ መሥራትና ብረት ማንሳት እንዳልቻልክ እንዲጽፍልህ ጠይቅ።

ብረት ሻጭ፦ እኔ የምጨምረው ከነጋዴ ወገን ነው። ደብተርህን «ትናንት ጻፍከው» ሊሉህ ይችላሉ። የብረት መደብሮች ግን ለራሳቸው ሒሳብ የደረሰኝ ቅጂ ያስቀራሉ። የገዛህበት ቤት ሄደህ የካቻምናውን ቅጂ ጠይቅ። በወር ስንት ቱቦላሬ እንደገዛህ ከታየ ስንት በር እንደሠራህ ይገመታል። የቴሌብርና የባንክ ስቴትመንትም አውጣ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቀብድ ነው። ከአደጋው በፊት ቀብድ ተቀብለህ፣ ተኝተህ የመለስክላቸው ደንበኞች አሉ?

ብየዳ ከሽምብጥ፦ ሦስት አሉ። አንዱ የ46 ሺህ ብር የአጥር በር ነበር። ቀብዱን ባለቤቴ ናት በባንክ የመለሰችላቸው።

የቀድሞ ነገረ ፈጅ፦ ብረት ሻጭ፣ ይህን በማንሳትህ ተባረክ። እነዚህ ሦስቱ ምስክር ይሁኑልህ። የታዘዘ ሥራ እንደነበር፣ በአደጋው ምክንያትም እንደተሰረዘ ያስረዳሉ። የ46 ሺሁን በር ግን በ87 ሺሁ ላይ አትደምረው። እሱ ለስሌቱ ማስረጃ ነው እንጂ ሌላ ገንዘብ አይደለም።

ዘንዘልማ፦ ስለ ሽያጩ ተሳስቻለሁ፤ ገብቶኛል። የግብሩ ነገር ግን አልተመለሰም። ወረቀቱ ላይ ስንት ነው ያለው?

ብየዳ ከሽምብጥ፦ የቀን ገቢ ግምት 600 ብር። በዓመት 180 ሺህ ሽያጭ ማለት ነው። ቁጥሩን የሰጡኝ ገማቾቹ ናቸው፤ እኔ አልሞላሁትም።

ዘንዘልማ፦ እንግዲያ በዓመት 180 ሺህ ሽያጭ ልክ ብቻ አስልተህ ጠይቅ። በአምስት ወር 310 ሺህ ሸጥኩ ብለህ ፍርድ ቤት ስትናገር ገቢዎች ቢሰማስ?

የቀድሞ ነገረ ፈጅ፦ ፍርሃትህ መሠረት አለው፤ ቀላል ነው አልልም። ባለቤቱ ያንን ወረቀት ማቅረቡ አይቀርም፤ በዳኛው ዘንድም ክብደት አለው። ነገር ግን የመጨረሻ ቃል አይደለም። የጉዳቱን ልክ በትክክል ማወቅ ካልተቻለ ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ፍትሐዊ በመሰለው ግምት፣ እንዲወስን አንቀጽ 2102 ይፈቅድለታል። ግምቱ የገማቾች መሆኑ፣ ከደረሰኞቹ ጋር ሲታይ፣ ይጠቅምሃል። እውነቱን ይዘህ ቅረብ ባይ ነኝ፤ ከዚያ በፊት ግን የግብሩን ነገር ከሒሳብ ባለሙያ ጋር ተነጋገር። የጠበቃ አቅም ከሌለህ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ዘንዘልማ፦ እኔ አሁንም በግብሩ ልክ ቢጠይቅ ይሻላል ባይ ነኝ። ፍርዱን ያገኛል፣ ከግብር ዕዳም ይድናል።

ብየዳ ከሽምብጥ፦ ሁለታችሁንም ሰምቻለሁ። ሰኞ ብረት ቤቱ ሄጄ የካቻምናውን ቅጂ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ ሐኪሙ ጋ እገባለሁ። ለሽማግሌዎቹም ወረቀቱ ላይ ቀሪ መብቴ ካልተጻፈ አልፈርምም ብዬ ደውዬላቸዋለሁ። አንዱ ተቆጥተዋል። ጋሼ፣ መኪናው ላይ የተጻፈው ስም የአንድ ሰው ነው፤ ሊብሬው ግን በሌላ ሰው ስም ነው ይሉኛል። ማንን ልክሰስ?

የቀድሞ ነገረ ፈጅ፦ ሰሌዳውን ይዘህ ከትራንስፖርት ቢሮ የባለቤትነት ማስረጃ አውጣና በዚያ ስም ክሰስ። ሽጬዋለሁ የሚል ካለ ራሱ ይናገር፤ አንተ የገዢውንም ስም በክሱ ላይ አብረህ ጻፈው።